የባንክ ሒሳብ ሲቀንስ ሀብት ያድጋል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ደመወዝተኞች ነን፤ የሁለታችን የተጣራ ደመወዝ በወር 62,000 ብር ነው። አምና ያለንንና ያለብንን ጽፈን ነበር፦ ቤት በገዛንበት ዋጋ 3,000,000፣ መኪና 900,000፣ ባንክ 180,000፣ የቤት ዕቃ 250,000፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለወንድሜ ያበደርኩት 60,000። ዕዳው የቤቱ 1,600,000 (ወለዱ 12 በመቶ፣ በወር 19,200 እንከፍላለን)፣ የመኪናው 432,000 (ወለዱ 18 በመቶ፣ በወር 12,000፣ 36 ወር ይቀረው ነበር)።

ዘንድሮ ቤቱን 3,400,000 አልነው፤ ጎረቤታችን ለተመሳሳይ ቤት የሚጠይቀው ይህን ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ሌላ ሰው የሸጠው ግን በ3,200,000 ነው። መኪናው ያው 900,000፣ ባንክ 120,000፣ ሶፋና ቴሌቪዥን በ90,000 ስለገዛን ዕቃው 340,000 ሆነ። የቤቱ ዕዳ 1,559,400፣ የመኪናው 288,000 ደርሷል። በዓመቱ መካከል ከእናቴ የተበደርነውን 50,000 እና የባለቤቴን ፕሮቪደንት ፈንድ (አምና 110,000፣ ዘንድሮ 152,000) አልጻፍንም። በእኔ ስሌት የተጣራ ሀብታችን በ614,600 ብር አድጓል። ባለቤቴ ግን «ባንክ ያለው እየቀነሰ፣ ከእናትህ እየተበደርን፣ ምኑ ነው ያደገው?» ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሀብታችሁ አድጓል፤ ዕድገቱ ግን 174,000 ብር ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ እናንተ ራሳችሁ ያስቀራችሁት 64,000 ያህሉን ብቻ ነው፤ የተረፈው የገበያ ዋጋ ያመጣው ነው። በእጅ ያለውን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ዓመቱ ወደ ኋላ ወስዷችኋል። ሁለቱ እርስ በርስ አይጋጩም፤ ለምን እንደማይጋጩ የሚታየው ወረቀቱ ከታረመ በኋላ ነው።

ከመኪናው ዕዳ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። 432,000 ያገኙት 12,000ን በ36 ወር አባዝተው ነው፤ 288,000ውም በ24 አባዝተው። ይህ ወደፊት ከኪስዎ የሚወጣው ድምር እንጂ ዛሬ ያለብዎት ዕዳ አይደለም። በውስጡ የሚመጡት ወራት ወለድ ተደባልቆበታል፤ ያ ወለድ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ዕዳ አይሆንም። ለሀብትና ዕዳ መግለጫ የሚያስፈልገው ቁጥር «ዛሬ ጠቅልዬ ልዝጋው ብል ስንት ልክፈል?» ብለው አበዳሪውን ቢጠይቁ የሚነግርዎት ነው። የቤቱን ዕዳ ከባንኩ መግለጫ ስለወሰዱት ይመስላል ትክክል ነው፤ የመኪናውንም እንደዚያው ማድረግ ነበረብዎ። መግለጫው ቶሎ ካልተገኘ በኤክሴል ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=PV(0.18/12, 24, -12000)
```

የመጀመሪያው የወር ወለድ ነው፤ ሁለተኛው የቀሩት ወራት ብዛት፤ ሦስተኛው ወርሃዊ ክፍያው። መልሱ 240,365 ይመጣል። ለአምናው 24ን በ36 ቢተኩት 331,928 ይሰጣል። ስለዚህ የመኪናው ዕዳ አምና 331,900፣ ዘንድሮ 240,400 ነው ብለን እንቀጥላለን። ይህ ቀመር የሚሠራው ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ለሚታሰብ ብድር ነው። አንዳንድ አበዳሪ ለሙሉ ዘመኑ የሚሆነውን ወለድ መጀመሪያ በተሰጠው ገንዘብ ላይ አስልቶ ለወራቱ እኩል ያካፍለዋል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ቀመሩን ይተዉትና መዝጊያውን ገንዘብ በጽሑፍ ያስጠይቁ።

ስሕተቱ ዕዳዎን አብዝቶ ያሳያልና «ብጠነቀቅ ምን ይጎዳል?» ሊሉ ይችላሉ። የሚጎዳው ሁለት ዓመት ሲነጻጸር ነው። በእርስዎ ወረቀት የመኪናው ዕዳ በዓመት 144,000 ቀንሷል፤ በእውነቱ ግን የቀነሰው 91,500 ነው። በመካከሉ ያለው 52,500 ለአበዳሪው የሄደ ወለድ ነው። ማባዛቱ ይህን ወጪ እንደ ቁጠባ ቆጥሮልዎታል።

አሁን ወደ ንብረቱ እንሂድ። ለቤቱ የተጠቀሙበት 3,400,000 የተጠየቀ ዋጋ ነው፤ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። ጎረቤትዎ ስድስት ወር ሳይሸጥ ቢቀመጥም ቁጥሩ በማስታወቂያው ላይ ይኖራል። በእጅዎ አንድ የተጠናቀቀ ሽያጭ ስላለ እሱን ይውሰዱ፦ 3,200,000። የዚያ ቤት ስፋትና ይዞታ ከእናንተው የሚለይ ከሆነ ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉት፤ አንድ ሽያጭም ብቻውን ማስረጃነቱ ደካማ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ሲገኝ ቁጥሩን ያርሙ። ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ደግሞ ለደላላ፣ ለስም ማዛወሪያና ለግብር የሚወጣውን መቀነስ አለበት። እናንተ ለመሸጥ ስላላሰባችሁ በዋናው ወረቀት ላይ አንቀንሰውም፤ ከታች በማስታወሻ ያስፍሩት።

መኪናው በዓመት ውስጥ ሳንቲም አልቀነሰም ማለት ከገበያው የመጣ ሳይሆን ካለፈው ወረቀት የተገለበጠ ቁጥር ነው ማለት ነው። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ የምርት ዓመት፣ ተቀራራቢ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በምን ያህል እንደተሸጠ ይጠይቁ። እስከዚያው ለስሌቱ 10 በመቶ ቀንሰን 810,000 እንበለው፤ ይህ የእኛ ግምት ስለሆነ በትክክለኛው ይተኩት። በዋጋ ንረት ጊዜ ያገለገለ መኪና በገንዘብ ሲቆጠር ላይወርድ፣ እንዲያውም ሊወጣ ይችላል። ገበያው እንዲህ ካለ እንዲህ ይጻፉ፤ ግን የሰሙትን ይጻፉ እንጂ የፈለጉትን አይጻፉ።

የቤት ዕቃውን እኛ ብንሆን ሙሉ በሙሉ እናወጣው ነበር፤ ከአምናውም ከዘንድሮውም። ሶፋ ከመደብሩ በወጣበት ቀን ከዋጋው ብዙውን ያጣል፤ ቀሪውንም ለማግኘት ገዢ ፈልጎ መሸጥ ይጠይቃል፤ ይህን ደግሞ ከችግር በቀር ማንም አያደርገውም። በገዙበት ዋጋ ሲመዘግቡት ግን እያንዳንዱ የዕቃ ግዢ ሀብትን የማይነካ ይመስላል፦ ከባንክ 90,000 ይወጣል፣ በዕቃው ረድፍ 90,000 ይገባል፣ ድምሩ ንቅንቅ አይልም። ዘንድሮ ባንኩ የቀነሰበትን ዋና ምክንያት የሸፈነብዎት ይህ ረድፍ ነው። የወርቅ ጌጥ ካላችሁ እሱን መያዝ ይቻላል፤ የሚጻፈው ግን በግራም በሚከፈለው ዋጋ ነው፣ የሠራተኛ እጅ ዋጋ ሳይጨመርበት።

ለወንድምዎ ያበደሩት 60,000 ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነቃነቅ ከቆየና የመመለሻ ቀን ካልተቆረጠለት፣ ከሁለቱም ወረቀት አውጥተው በማስታወሻ ይያዙት። በቤተሰብ መካከል ያለ ብድር ስንት እንደሚመለስ የሚያውቀው ተበዳሪው ብቻ ነው። የተመለሰ ቀን በባንክ ሒሳቡ ላይ ራሱ ይታያል። የእናትዎ 50,000 ግን በተቃራኒው መግባት አለበት። ወለድ ባይኖረውም፣ ወረቀት ባይፈረምበትም፣ መመለስ ያለበት ገንዘብ ዕዳ ነው። እናትዎ ገንዘቡን ስጦታ ነው ካሉ ብቻ ይወጣል። (ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነ ደግሞ እሱ ዕዳ ስላልሆነ አይደመርም፤ ከድምሩ በታች ግን የሰውየው ስምና የገንዘቡ መጠን መጻፍ አለበት። ሲመጣ በአንድ ጊዜ ነውና።)

የተረሳው ፕሮቪደንት ፈንድ በእናንተ በኩል የሚደመር ነው። እስከ ሥራ መልቀቂያ የማይነካ መሆኑ ገንዘቡን የእናንተ ከመሆን አያስቀረውም። የሚጻፈው መጠን ባለቤትዎ ዛሬ ሥራ ቢለቁ የሚከፈላቸው ነው። አንዳንድ ቦታ የአሠሪው ድርሻ የተወሰነ ዓመት ካልተሠራ አይሰጥም፤ እንዲህ ከሆነ የራሳቸውን መዋጮ ብቻ ይቁጠሩ። 152,000ው ሙሉ በሙሉ የሚከፈል ነው ብለን እንያዘው። በጡረታ ዕድሜ በየወሩ የሚከፈል የጡረታ አበል ግን ዛሬ ጠቅልሎ የማይወሰድ ስለሆነ በዚህ ወረቀት ላይ አይገባም።

ታርሞ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

| | አምና | ዘንድሮ | ለውጥ |
|---|---|---|---|
| ባንክ | 180,000 | 120,000 | −60,000 |
| ፕሮቪደንት ፈንድ | 110,000 | 152,000 | +42,000 |
| መኪና | 900,000 | 810,000 | −90,000 |
| ቤት | 3,000,000 | 3,200,000 | +200,000 |
| ያለን | 4,190,000 | 4,282,000 | +92,000 |
| የቤት ብድር | 1,600,000 | 1,559,400 | −40,600 |
| የመኪና ብድር | 331,900 | 240,400 | −91,500 |
| የእናት ብድር | 0 | 50,000 | +50,000 |
| ያለብን | 1,931,900 | 1,849,800 | −82,100 |
| የተጣራ ሀብት | 2,258,100 | 2,432,200 | +174,100 |

ከ614,600 ወደ 174,100 የወረድነው ቤቱ 200,000፣ መኪናው 90,000፣ ዕቃው 90,000፣ የመኪናው ዕዳ 52,500፣ የእናትዎ ብድር 50,000 ስላጎደሉበትና ፕሮቪደንት ፈንዱ 42,000 ስለመለሰ ነው። ግማሽ የሚጠጋው ልዩነት የመጣው ከአንድ ማስታወቂያ ላይ ከተወሰደ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ።

የተጣራ ሀብት ድምሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የለውጡ ረድፍ ለሁለት ሲከፈል ነው። በአንድ ወገን ማንም ምንም ሳያደርግ ገበያው የለወጠው አለ፦ ቤቱ 200,000 ጨመረ፣ መኪናው 90,000 ቀነሰ፣ ሲቻቻል 110,000። በሌላው ወገን እናንተ ያደረጋችሁት አለ፦ የቤቱን ብድር በ40,600፣ የመኪናውን በ91,500 አቃላችሁ፣ በፕሮቪደንት ፈንድ 42,000 ገባ፣ ከዚያ ላይ ባንኩ 60,000 ቀነሰና 50,000 አዲስ ዕዳ መጣ። ሲደመር 64,100። ሁለቱ 174,100 ይሞላሉ። ካልሞላ አንድ ነገር ተረስቷል ማለት ስለሆነ እስኪገጥም ድረስ ወረቀቱን አይዝጉት።

የገበያው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ሊገለበጥ ይችላል። ቤቱ ከ3,200,000 በ10 በመቶ ቢወርድ 320,000 ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ከእሱ ጋር አይወርድም። ከቤቱ የእናንተ የሆነው ዕዳው ሲቀነስ 1,640,600 ስለሆነ፣ የ10 በመቶው መውረድ የእናንተን ድርሻ ወደ 20 በመቶ በሚጠጋ ይቆርጠዋል። ሲወጣም በዚያው ልክ ያበዛዋል። ዘንድሮ ደስ ያሰኘዎት ቁጥርም የተነሣው ከዚህ ነው።

አሁን የባለቤትዎን ክርክር በቁጥር እንየው። ባንኩ በ60,000 ቀንሷል፣ በዚያ ላይ 50,000 ተበድራችኋል፤ ስለዚህ በእጅ ያለው ገንዘብ በ110,000 ተጎድቷል። (ከላይ ካለው የገበያው 110,000 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ አያምታታዎ።) ደመወዛችሁ በዓመት 744,000 ነው። ለሁለቱ ብድሮች የከፈላችሁት 374,400፤ ይህ ከደመወዙ ግማሽ ትንሽ ያልፋል። የቀረው 369,600 ነበር። በዚያ ላይ ከባንክ የወጣውንና ከእናትዎ የመጣውን 110,000 ስንጨምርበት የዓመቱ ወጪ 479,600 ይሆናል። ከዚህ 90,000ው ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። የተረፈው 389,600 በወር 32,500 ገደማ ነው፤ ከብድር ክፍያ በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው ደግሞ 30,800።

ስለዚህ የዕቃው ግዢ ባይኖር እንኳ በየወሩ ወደ 1,700 ብር ያጥራችሁ ነበር። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 20,000 ነው፤ በቁጠባ ላይ ስለተደገፈም ለጊዜው አይሰማም። ዕቃው አንዴ የተደረገ ወጪ ነው፣ ያልፋል። የወሩ ጉድለት ግን ይደጋገማልና ተፈልጎ መገኘት ያለበት እሱ ነው። የስድስት ወር የባንክ መግለጫ አውጥታችሁ፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚመጡትን (የመኪና ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጥገና) ለይታችሁ ለ12 አካፍሉ። በብዙ ቤት የሚታየው ጉድለት የሚወጣው ከእነዚህ ነው፤ ወርሃዊ በጀቱ ላይ ስለማይጻፉ።

ገንዘቡ የት ሄደ ለሚለው ሌላም መልስ አለ። ከከፈላችሁት 374,400 ዕዳውን የቀነሰው 132,100 ብቻ ነው። 242,300 ወለድ ነው። በተለይ የቤቱን ይመልከቱ፦ 230,400 ተከፍሎ ዕዳው የወረደው 40,600። ባንኩ አላጭበረበረም፤ በወር 1 በመቶ ወለድ በ1,600,000 ላይ የመጀመሪያው ወር 16,000 ነው፣ ከ19,200ው ለዋናው ብድር የሚተርፈው 3,200 ብቻ ነው። ዕዳው በወረደ ቁጥር ወለዱ እያነሰ፣ ዋናውን የሚቀንሰው ክፍል እየሰፋ ይሄዳል። ክፍያችሁ ምንም ሳይጨምር በመጪው ዓመት የቤቱ ዕዳ 45,700፣ የመኪናው 109,500 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ ተደምረው 155,200 ስለሆነ ከዘንድሮው በ23,000 ይበልጣል። የተጣራ ሀብታችሁ በመጪዎቹ ሁለት ዓመታት በዚህ መንገድ ብቻ ይጨምራል፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆም ማለት ነው።

ሌላው ወረቀቱ ራሱ የማይነግርዎት ነገር የገንዘቡ ጉልበት ነው። 174,100 ከ2,258,100 ሲካፈል 7.7 በመቶ ዕድገት ነው። በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ለምሳሌ 10 በመቶ ከነበረ፣ የአምናው ሀብት ዛሬ ያንኑ ያህል እንዲገዛ 2,483,900 መድረስ ነበረበት፤ እናንተ ያላችሁ 2,432,200 ነው፣ 51,700 ይጎድላል። እዚህ ላይ የማይለወጥ ወለድ ያለው ብድር ያግዛችኋል፤ ዕዳው በቁጥር ተቆልፎ ሲቀር ደመወዝና የቤት ዋጋ ከንረቱ ጋር ከፍ ሊሉ ይችላሉ። የባንክ ተቀማጩ ግን ወለዱ ከንረቱ ካነሰ በየዓመቱ ይሟሟል። የንረቱን መጠን ከይፋዊ መግለጫ ወስደው በየዓመቱ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ይጻፉት፤ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ያለ እሱ ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል።

ወረቀቱ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን መሠራት አለበት። ደመወዝ በገባ ማግስት፣ የብድር ክፍያው ገና ሳይቆረጥ ቢሠሩት ባንኩ በ31,200 ያብጣል፤ ዕዳውም ገና አልወረደም። የብድር ክፍያው ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ቀን ይምረጡና በየዓመቱ እሱን ይያዙ። ከእያንዳንዱ ንብረት ጎን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «በዚህ ወር በተሸጠ ተመሳሳይ ቤት»፣ «ከባንክ መግለጫ»፣ «በግምት»። የሚቀጥለው ዓመት ሲደርስ ዋጋ የሚወጣበትን መንገድ እንዳይለውጡ። መንገዱ የግድ ከተለወጠ (ለምሳሌ ቤቱን ባለሙያ ገማች ካየው) የቀደመውንም ዓመት በአዲሱ መንገድ አስልተው ያነጻጽሩ፤ አለዚያ የመለኪያው ለውጥ ዕድገት መስሎ ይቀመጣል። አምና ቤቱን በገዛችሁበት ዋጋ፣ ዘንድሮ በገበያ ዋጋ መያዛችሁም በጥቂቱ እንዲህ ያለ ነው። ግዢው ከአምናው ወረቀት ብዙ የራቀ ከሆነ አምና በገበያው ስንት ያወጣ እንደነበር ይጠይቁ፤ ከ200,000ው ጭማሪ ከፊሉ የቀድሞው ዓመት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ? ባንክ ያለው 120,000 ለወር ከሚያስፈልጋችሁ 63,700 (ኑሮው 32,500፣ ብድሩ 31,200) ጋር ሲነጻጸር ሁለት ወር እንኳ አይሞላም፤ ከሁለታችሁ አንዱ ደመወዝ ቢቋረጥ ግን ሌላው ደመወዝ ብቻውን የብድር ክፍያውን መቻሉን አሁኑኑ አስሉት። ስለዚህ ቅድሚያው ቤቱን ቶሎ መክፈል አይደለም። መጀመሪያ የወሩን 1,700 ጉድለት ዝጉ። ቀጥሎ ለእናትዎ በወር የምትመልሱት መጠንና ቀን ቁረጡ፤ እሳቸው ባይጠይቁም። ከዚያ ባንክ ያለው የሦስት ወር ወጪ፣ ማለትም 190,000 አካባቢ እስኪደርስ ሌላ ዕቃ ግዢ ይቆይ።

ትልቁ ውሳኔ የሚመጣው ከ24 ወር በኋላ፣ የመኪናው ብድር ሲያልቅ ነው። ያኔ በወር 12,000 ይለቀቃል፤ ቀኑ ሳይደርስ የት እንደሚገባ ካልተወሰነ ኑሮው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ተጠባባቂው ገንዘብ ከሞላ ወደ ቤቱ ብድር ማዞሩ ጥሩ ነው፤ 12 በመቶ ወለድ ማስቀረት ማለት ነውና ባንክ ከሚከፍለው የቁጠባ ወለድ ጋር አወዳድሩት። ሁለት ነገር ግን ባንኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለው ወይ? ተጨማሪው ክፍያ ከዋናው ብድር ላይ ነው የሚቀነሰው ወይስ ለመጪው ወር ክፍያ ተብሎ ይያዛል? ሁለተኛው ከሆነ ወለዱ አይቀንስም፤ ከዋናው ብድር እንዲቀነስ በጽሑፍ አመልክታችሁ፣ በሚቀጥለው ወር መግለጫ ላይ ቀሪው ዕዳ በዚያው መጠን መውረዱን አረጋግጡ።